«ዕዳ በክፍያ ቀይ ነው»፦ ቃል በቃል ሲፈታ የሚያሳስት የሩሲያ ምሳሌያዊ አነጋገር

ሩሲያውያን «ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» ይላሉ። ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው። መዝገበ ቃላት ይዞ አንድ በአንድ ለሚፈታቸው ሰው የመጀመሪያው «ዕዳ»፣ ሁለተኛው «በክፍያ»፣ ሦስተኛው «ቀይ» ይሆኑለታል፤ ሲገጣጠሙም «ዕዳ በክፍያ ቀይ ነው» የሚል ግራ የሚያጋባ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ትርጉሙ ፈጽሞ የማይገባ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር፤ አንባቢው ቆም ብሎ አንድ የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ ነበርና። ችግሩ ከስሕተቱ ውስጥ ትርጉም የሚመስል ነገር መገኘቱ ነው። ሒሳብ ሠራተኞች ኪሳራንና ጉድለትን በቀይ ቀለም ሲጽፉ ያየ ሰው «ዕዳና ቀይ አብረው የሚሄዱ ናቸው» ብሎ ይረካል። ሌላው ደግሞ ተበዳሪው ሲጠየቅ ፊቱ በኀፍረት መቅላቱን ያስባል። ሁለቱም ያሳምናሉ፤ ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ይህ አነጋገር አራት ጊዜ ያሳስታል ማለት ይቻላል። በመጀመሪያ «ቀይ» የተባለው ቀይ አይደለም። ቀጥሎ «ዕዳ» የተባለው አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ዕዳ አይደለም። ከዚያም አበዳሪ ለተበዳሪው የሚናገረው ማስጠንቀቂያ ይመስላል እንጂ በተለመደው አጠቃቀሙ የሚናገረው ራሱ ባለዕዳው ነው። በመጨረሻም የምስጋና ቃል መሆኑን ተምረን ስንጨርስ፣ አንድ ቀን የተቆጣ ሰው እንደ ዛቻ ሲናገረው እንሰማለን። ከአራቱ ውስጥ የመጀመሪያው በቋንቋ ታሪክ በቀላሉ ይፈታል፤ የቀሩትን መፍታት የሚቻለው ግን ተናጋሪው ማን እንደሆነ ሲታወቅ ብቻ ነው። በእኔ እምነት ይህን አነጋገር የሚተረጉሙ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ የቀለሙን ጉዳይ ካረሙ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል።

ከቀለሙ እንጀምር። በዛሬው ሩሲያኛ «ክራስኒ» ማለት ቀይ ነው። በጥንቱ ሩሲያኛ ግን ቃሉ ቆንጆ፣ ያማረ፣ የተዋበ ማለት ነበር፤ ዛሬም ድረስ «ክራሳ» ውበት፣ «ክራሲቪ» ደግሞ ቆንጆ ነው። ለቀይ ቀለም የነበረው ቃል ሌላ ሲሆን የመጣውም «ቸርቭ» ከሚለው ትልን ከሚያመለክት ስም ነው። በምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች ከአንዳንድ ዕፅዋት ሥር ላይ የምትለጠፍ ጥቃቅን ነፍሳት ለቅመው ቀይ ማቅለሚያ ያወጡ ስለነበር ቀለሙ በእርሷ ስም ተጠራ። የሚለቀሙበት ጊዜ ሰኔ አካባቢ በመሆኑ ፖላንዳውያን የጁንን ወር «ቸርቪዬትስ»፣ ቼኮች «ቸርቬን» እንዳሉት ቀርተዋል። ከሌሎቹ ስላቮች አብዛኞቹ ቀይን ዛሬም በዚሁ ስም ይጠሩታል፤ ለፖላንዳዊውም ለዩክሬናዊውም ቀይ «ቸርቮኒ» ነው፤ ለቼኩ «ቸርቬኒ» ነው። ይኸው ቼክ ስለ አንዲት ልጅ «ክራስና» ቢል ቆንጆ መሆኗን መናገሩ ነው እንጂ ስለ መልኳ ቀለም ምንም አላለም። ሩሲያኛ ግን በዘመናት ሂደት ውበትን የሚያመለክተውን ቃል ለቀለሙ ሰጠው፤ ያማረ የሚለው የቀድሞ ትርጉሙም በጥቂት የቆዩ አነጋገሮች ውስጥ ብቻ ተጠልሎ ቀረ።

ከእነዚህ ውስጥ በዓለም ሁሉ የታወቀው የሞስኮው «ክራስናያ ፕሎሽቻድ» ነው። በአማርኛም ቀይ አደባባይ እንለዋለን፤ ብዙ ሰውም ስሙ ከኮሚኒስቶች ባንዲራ ወይም ከክሬምሊን ቀይ ጡብ የመጣ ይመስለዋል። ስሙ ግን ከአብዮቱ በፊት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፤ የክሬምሊን ግንብም በተለያዩ ዘመናት በኖራ ነጭ ይቀባ ነበር። የአደባባዩ ስም ያማረ አደባባይ ማለት ነው። በገበሬው ቤት ውስጥም «ክራስኒ ኡጎል» የሚባል ማዕዘን አለ፤ የቅዱሳን ሥዕል የሚቀመጥበትና የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። (በሶቪየት ዘመን በፋብሪካውና በተማሪዎች መኖሪያው ሁሉ የሌኒን ሥዕልና ጋዜጣ የሚገኝበት ክፍል በዚሁ ስም ሲጠራ ቃሉ ከውበት ወደ ፖለቲካ ቀለም ተሻግሯል፤ በአንድ ስም ሁለት ዘመን ማለት ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሄዱ ኢትዮጵያውያን የሚያስታውሱት ይህን ሁለተኛውን ነው።)

በምሳሌያዊ አነጋገሮች ውስጥ ያለው «ክራሴን» ወይም በሴት ጾታ «ክራስና» ደግሞ የራሱ የሆነ አቀማመጥ አለው። «ኔ ክራስና ኢዝባ ኡግላሚ፣ አ ክራስና ፒሮጋሚ» የሚል አለ፤ የገበሬ ቤት የሚያምረው በማዕዘኖቹ ሳይሆን ለእንግዳ በሚቀርበው ዳቦ ነው ማለት ነው። «ና ሚሩ ኢ ስሜርት ክራስና» የሚልም አለ፤ ከወገን ጋር ሲሆን ሞት እንኳ ያምራል እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው አሠራሩን በግልጽ ያሳያል። አንድ ነገር ይነሣል፤ ከዚያ በአማርኛ «በ» የምንለውን ሥራ የሚሠራ መድረሻ የተጨመረበት ሌላ ስም ይመጣል፤ «ክራስና» የሚለው ቃልም ሁለቱን ያያይዛል። የሚነገረው የመጀመሪያው ነገር በራሱ ሙሉ እንዳልሆነ፣ ውበቱን የሚያገኘው በሁለተኛው እንደሆነ ነው። ቤት ያለ ዳቦ ግድግዳ ብቻ ነው። በዚሁ መንገድ «ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» ሲፈታ ዕዳን የሚያሳምረው መከፈሉ ነው የሚል ይሆናል። አማርኛ ለዚህ «ያምራል» የሚል ግስ ስላለው ዕድለኛ ነው፤ «ብድር ሲመልሱት ያምራል» ብንል ቀለም የሚያነሣ አንድም ቃል ሳንጠቀም የሩሲያውን አጥንት ይዘናል።

አሁን ወደ «ዶልግ» እንለፍ። ቃሉ በነጠላ ሲሆን ሁለት ነገር ይሸከማል፤ የገንዘብ ዕዳንም፣ ግዴታንም። ወታደር ለአገሩ ያለበት ግዴታ «ዶልግ» ነው፤ ልጅ ለወላጆቹ ያለበትም «ዶልግ» ነው። በብዙ ቁጥር «ዶልጊ» ሲባል ግን ነገሩ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ገንዘብ ያዘነብላል። ምሳሌያዊ አነጋገሩ ነጠላውን መምረጡ ሰፊውን ትርጉም ክፍት ትቶለታል። ስለዚህ በዕለታዊ ንግግር ሲነገር የሚመለሰው ነገር ሩብል ሳይሆን ውለታ ነው፦ ለታመመው ጎረቤት መድኃኒት የገዛ፣ ለፈተና ያስጠና፣ በክረምት ብርድ ላይ የቆመ መኪና የገፋ ሰው ውለታ።

የሩሲያዊው መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የቭላዲሚር ዳል ትልቅ የምሳሌያዊ አነጋገሮች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ1862 ሲታተም ከ30,000 በላይ አነጋገሮችን የያዘ ነበር፤ ይኸውም በውስጡ አለ። ዳል ያሰባሰባቸውን በፊደል ተራ ሳይሆን በጉዳይ በጉዳይ ነው የደረደራቸው። ምክንያቱም አንድ አነጋገር ትርጉሙ የሚገለጠው ከጎኑ ካሉት ጋር ሲነበብ ነው ብሎ ያምን ስለነበር ነው። ይህ አስተያየት ለእኛም ጉዳይ ይሠራል፤ ብቻውን የቆመ አነጋገር ሊያሳስት ይችላል፤ አጠገቡ ያለውን ንግግር ስንሰማ ግን ይቃናል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንመልከተው። ከሞስኮ ወጣ ብሎ ሩሲያውያን «ዳቻ» የሚሏቸው የበጋ ጎጆዎች ያሉበት አንድ መንደር እንበል። አንድ ሽማግሌ በጁን ወር የጎረቤቱን የውኃ ፓምፕ ሁለት ቅዳሜና እሑድ ሙሉ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል፤ ገንዘብ ሲሰጠውም አይቀበልም። በሴፕቴምበር ጎረቤቱ አንድ ጆንያ ድንችና ሁለት ማሰሮ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቲማቲም ይዞ በሩን ያንኳኳል። ሽማግሌው እንደ ወጉ «ምነው ተቸገርክ፣ ለምን?» ይላል። ጎረቤቱም ጆንያውን አስቀምጦ «ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» ብሎ ይመልሳል። ቃሉ በተፈጥሮ ቦታው ላይ የሚገኘው እዚህ ነው፤ የተቀባዩን የይሉኝታ ጥያቄ ተከትሎ፣ ከሰጪው አፍ፣ ፈገግታ ባለበት ድምፅ።

ይህ የፊልም ትዕይንት ቢሆንና ከሥሩ አማርኛ የሚጽፍ ተርጓሚ ቢኖር ምን ይጽፋል? «ዕዳ በክፍያ ቀይ ነው» ቢል ተመልካቹ ስለ ድንቹ ቀለም ያስባል። «ዕዳ መከፈል አለበት» ቢል ሰዋስውም ትርጉምም የተሟላ ይመስላል፤ ግን የከፋው ይህ ነው። ጎረቤቱን ውለታ የከበደው፣ ከሽማግሌው ጋር ሒሳብ ዘግቶ መለያየት የሚፈልግ ሰው ያደርገዋል። የሩሲያው አነጋገር ግን ሒሳብ ዘግቶ መለያየትን አያመለክትም፤ ድንቹ ከደረሰ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ሽማግሌው በተራው አንድ ነገር ያደርጋል፤ መመላለሱ ጉርብትናው ነው። «ብድር በምድር» ቢልስ? ቀረብ ብሏል፤ ሆኖም የእኛ አነጋገር ክፍያውን ለምድር፣ ለዕድል፣ ለፈጣሪ ፍርድ ይተወዋል። ውለታ የዋለ ሰው ካልጠበቀው አቅጣጫ ሲመለስለት፣ ወይም ክፉ የሠራ ሰው በሠራው ሲያገኘው «ብድር በምድር» እንላለን፤ መላሹ የግድ ውለታው የተዋለለት ሰው አይደለም። በሩሲያው ግን መላሹ ባለዕዳው ራሱ ነው፤ በእጁ ይዞ መጥቷል። ስለዚህ በዚህ በር ላይ እኔ የምመርጠው ምሳሌያዊ አነጋገር ሳይሆን «ውለታህ እንዴት ይረሳል!» የሚለውን ተራ ንግግር ነው። ለሽማግሌ ስለሆነም «ውለታዎ እንዴት ይረሳል!» ይባላል። አነጋገርን በአነጋገር መተካት ሁልጊዜ ግዴታ የሚመስላቸው ተርጓሚዎች አሉ፤ እኔ ግን ከእነርሱ ጋር አልስማማም።

አሁን ያንኑ ቃል ከሌላ አፍ እንስማ። ጎረቤቱ በጋው አልፎ ምንም ሳያደርግ ቢቀርና ሽማግሌው አጥሩ ላይ ተደግፎ «ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» ቢለው ትርጉሙ ይገለበጣል። አሁን ቃሉ ማስታወሻ ነው፤ ጨዋ ሊሆን ይችላል፤ ግን ይወጋል። ውለታ የዋለ ሰው ራሱ ውለታውን ማንሣቱ በሩሲያም ሆነ በእኛ ዘንድ ደስ የሚል ጠባይ አይደለም። አነጋገሩ ምስጋና የሚሆነው ባለዕዳው ሲናገረው ነው፤ አበዳሪው ሲናገረው ጥያቄ ይሆናል።

ሦስተኛም አፍ አለ። የሽማግሌውን አጥር ያፈረሰ፣ በስብሰባ ላይም ያዋረደው ሌላ ጎረቤት አለ እንበል። ሽማግሌው ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምንም አይደለም፤ ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» ቢል ማንም ሩሲያዊ ድንች ሊያመጣ ነው ብሎ አይጠብቅም። ዕዳው በደሉ ነው፤ ክፍያው በቀል ነው። በሩሲያኛ ይህ መንታነት በዚህ አነጋገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። «ቭ ዶልጉ ኔ ኦስታኑስ»፣ ትርጉሙም «ዕዳ ይዤ አልቀርም» የሚለው ንግግር በእራት ግብዣ ላይ ሲነገር ምስጋና፣ በጠብ መሀል ሲነገር ዛቻ ነው።

አንድ ሩሲያዊ ይህን ለፈረንሳዊ ወይም ለእንግሊዛዊ ሲያስረዳ ጥቂት ይደክማል። ለአማርኛ ተናጋሪ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ እኛው ራሳችን ያንኑ አድርገናልና። «ብድሩን መለሰ» ስንል ሁለት ነገር ልንል እንችላለን፤ ያስተማረውን አጎት በእርጅናው ጦረው ማለትም፣ አባቱን የገደለበትን ሰው ገደለ ማለትም ይሆናል። «ብድር መላሽ» የተባለ ልጅ ለአንዱ ወላጅ ውለታ ከፋይ፣ ለሌላው ደም መላሽ ነው። «ውለታ» የሚለው ቃል ግን ወደ መልካሙ ብቻ ያዘነብላል፤ ለበቀል አይውልም። ስለዚህ ለሩሲያው አነጋገር የአማርኛ አቻ ስንፈልግ ትልቁ ምርጫ በ«ብድር» እና በ«ውለታ» መካከል ነው። «ውለታ» ካልን መልካሙን ብቻ ስናስቀር፣ «ብድር» ካልን ሁለቱንም በር ክፍት እንተዋለን።

ብዙ የሩሲያኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለዚህ አነጋገር የሚሰጡት አቻ «አንድ መልካም ሥራ ሌላ መልካም ሥራ ይገባዋል» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ለዳቻው በር ይስማማል፤ ለአጥሩ ጠብ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ መልካም የሚለው ቃል በውስጡ ተሰፍቷልና። ስፔናውያን «ፍቅር በፍቅር ይከፈላል» ይላሉ፤ ይህም የሚያዘነብለው ወደ መልካሙ ነው፤ በምሬት የሚናገረው ሰው ቢኖር የተለመደውን እየገለበጠ መሆኑን ሰሚው ያውቃል። የቻይናውያኑ ደግሞ ከሁሉም ይልቃል፦ የአንዲት ጠብታ ውኃን ውለታ በሚፈልቅ ምንጭ መልስ ይላል። በዚህ ውስጥ እኩል ለእኩል የሚባል ነገር የለም፤ መላሹ ከተቀበለው በብዙ እጥፍ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። የሩሲያው አነጋገር ስለ መጠን ምንም አይልም። አንድ ጆንያ ድንች ለሁለት ሳምንት ማብቂያ ድካም ይበቃ እንደሆነ ማንም አይለካም፤ የሚያምረው መመለሱ ነው።

ከአውሮፓ ቋንቋዎች ውስጥ የሩሲያውን መንታ ጠባይ በሚያስገርም መንገድ የሚያሳየው ጀርመንኛ ነው። ጀርመኖች ከፈረንሳይኛው የበቀል ቃል የወሰዱት «ዚሽ ርቫንሺረን» የሚባል ግስ አላቸው። በስፖርት ሜዳ ለተሸነፈ ቡድን የተሸነፈውን መልሶ ማሸነፍ ነው፤ በቤት ግን ራት ተጋብዞ የተመለሰ ሰው «በሚቀጥለው ጊዜ እኔ እጋብዛችኋለሁ» ሲል የሚጠቀመው ያንኑ ግስ ነው። ፈረንሳዮችም ራሳቸው ውለታ ሲቀበሉ «አ ሻርዥ ደ ርቫንሽ» ይላሉ፤ «እኔም በተራዬ እመልሳለሁ» ማለት ነው፤ ቃሉ ግን የበቀል ቃል ነው። በአንጻሩ «ኧን ፕሬቴ ፑር ኧን ራንዲዩ»፣ በቃል ትርጉሙ «ለተመለሰ የተበደረ» የሚመስለው አባባላቸው፣ ከብድር ቃላት የተሠራ ሆኖ ሳለ የሚነገረው «አድርገህብኛልና አደረግሁብህ» ለማለት ነው። ቃል በቃል የሚያነብ ሰው ይህን ከሩሲያው አነጋገር ጋር ቢያስተካክል በጀርባው በኩል ገባ ማለት ነው፤ አንዱ በወትሮው ምስጋና አልፎ አልፎ ዛቻ ነው፤ ሌላው በወትሮው አጸፋ ነው።

ሌላው ተመሳሳይ መስሎ የሚያሳስተው «እጅ እጅን ያጥባል» የሚለው በላቲን የሚታወቅና በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ያለ አባባል ነው። ሩሲያውያንም «ሩካ ሩኩ ሞዬት» ይሉታል፤ ነገር ግን በእነርሱ ዘንድ ሁለት ባለሥልጣናት ተሸፋፍነው ጥፋታቸውን ሲደባበቁ የሚነገር ነው። አማርኛችን ለዚህ «እከክልኝ ልከክልህ» አለው፤ የማከኩ ስምምነት አስቀድሞ የተደረገ ነውና ውለታ አይባልም። ልዩነቱ ከጊዜ ቅደም ተከተል ነው። በ«ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» የመጀመሪያው ሰው ሲሰጥ ምን እንደሚመለስለት አልተነጋገረም፤ ፓምፑን ሲጠግን ድንቹ ገና አልደረሰም። በእጅ መተጣጠቡ ግን ሁለቱም እጆች በአንድ ጊዜ ውኃ ውስጥ ናቸው።

ንጹሕ የገንዘብ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ ሌሎች አቻዎች ይቀርባሉ። ፈረንሳዮች «ሌ ቦን ኮንት ፎን ሌ ቦን ዛሚ» ይላሉ፤ የጠራ ሒሳብ ጥሩ ወዳጅ ያፈራል ማለት ነው። ቻይናውያን የተበደረና የመለሰ ሰው እንደገና መበደር አይቸግረውም ይላሉ፤ ምክንያቱ ቁልጭ ያለ ጥቅም ነው፤ ውበት የሚባል ነገር አልተነሣበትም። ሩሲያውያን ለፈረንሳዩ አባባል የራሳቸው ሌላ አቻ አላቸው፤ ወዳጅነት በወዳጅነቱ፣ ገንዘብ ግን በቆጠራ ይላሉ። ስለዚህ ስለ ገንዘብ ብቻ ለመናገር የሚፈልግ ሩሲያዊ የግድ «ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» የሚለውን አይመርጥም። ቢመርጥ ግን ዕዳ የመክፈልን ነገር ከክብር ጋር ማያያዙ ነው።

ከገንዘብ ጋር ያለው ግንኙነት በቅርብ ዓመታት ተመልሶ መጥቷል፤ የዚህ አነጋገር የዛሬ ጉዳይም ይህ ነው። በሩሲያ ከተሞች ያለ ዋስ በጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ አነስተኛ ብድር፣ በእነርሱ አጠራር «ሚክሮዛይም»፣ የተለመደ ሆኗል፤ በጋዜጦችና በድረ ገጾችም ስለ ያልተከፈለ ብድር፣ ስለ ቀለብ ገንዘብ፣ ስለ ቤት ኪራይና መብራት ውዝፍ በሚጻፉ ዜናዎች ላይ «ዶልግ ፕላቴዦም ክራሴን» የሚለው ርእስ ሆኖ በተደጋጋሚ ይወጣል። የውለታ ቃል ወደ ውል ቃል ተዛወረ። የተለወጠውን ነገር ለማየት ቁጥሩን መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ደንብ የእንዲህ ያለ አጭር ብድር ወለድ በቀን ከ0.8 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ወለዱም ቅጣቱም ሌላውም ክፍያ ተደምሮ ከዋናው ገንዘብ 130 በመቶ እንዳያልፍ ተወሰነ። በዚያ ደንብ 10,000 ሩብል ለ30 ቀን የተበደረ ሰው በጣሪያው ቢሰላበት 12,400 ሩብል ይመልስ ነበር፤ ቀኑን አሳልፎ ቢዘገይ ደግሞ ዕዳው እስከ 23,000 ሩብል ሊደርስ ይችል ነበር። ደንቡ እንግዲህ ለተበዳሪው ጥበቃ ተብሎ የወጣ ነው። እንዲህ ባለ ስሌት ፊት መክፈል «ያምራል» ማለት በአበዳሪው አፍ ምን ያህል እንደሚከብድ ግልጽ ነው።

ዕዳ ሰብሳቢዎችን በሚመለከት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 የወጣው ሕግም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። በስልክ ባለዕዳውን ማነጋገር የሚፈቀደው በቀን ከአንድ ጊዜ፣ በሳምንት ከሁለት ጊዜ፣ በወር ከስምንት ጊዜ ሳይበልጥ ነው። ማስታወስን ከማስጨነቅ ለመለየት ሕግ አውጪው መቁጠር ግድ ሆኖበታል። በመንደሩ አጥር ላይ ግን ቆጣሪ አያስፈልግም ነበር፤ ሽማግሌው ያንን ቃል ሁለት ጊዜ ቢደግመው ጎረቤቶቹ ሁሉ ይታዘቡት ነበርና። ስለዚህ ርእሱን በጋዜጣ ያየ የውጭ አገር አንባቢ አነጋገሩ «ዕዳህን ክፈል» የሚል ትእዛዝ ነው ብሎ ቢደመድም ያነበበውን በትክክል አንብቧል፤ ያመለጠው ግን ርእሱ ለሩሲያዊው ጆሮ ያለው ምጸት ነው። የአያቱን የምስጋና ቃል ከባንክ ማሳሰቢያ በላይ ተለጥፎ ሲያየው የሚሰማውን ቅሬታ ትርጉሙ ብቻውን አያሻግረውም።

ወደ ተርጓሚው እንመለስ። ሦስቱን አፎች ለይቶ ከሰማ ሥራው ያን ያህል አይከብድም። በር ላይ ድንች ይዞ የቆመው ሰው «ውለታዎ እንዴት ይረሳል!» ይላል። አጥሩ ላይ ተደግፎ የሚያስታውሰው ሽማግሌ «ብድር ሲመልሱት ያምራል» ቢል ጨዋነቱም መውጊያውም አብረው ይመጣሉ። የጋዜጣው ርእስ «ዕዳ ሲከፍሉት ያምራል» ሊሆን ይችላል፤ «ብድር» የሚለውን «በዕዳ» መተካቱ ከሰው ወደ ውል መሸጋገሩን ያሳያልና። አጥሩ የፈረሰበትና የተዋረደው ሽማግሌ ግን የሚያስፈልገው ቃል ውበትን ጨርሶ ማንሣት የለበትም። «ግድ የለም፤ ብድሬን እመልሳለሁ» ካለ፣ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ የቀረውን ይነግረናል።